የማስረጃ ሕግ ማጠቃለያ ፈተና፦ የሉማሜው መንገድ ውንብድና

የተፈቀደ ጊዜ፦ 2 ሰዓት ተኩል። ጠቅላላ ነጥብ፦ 50።

ሕገ መንግሥቱን፣ የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እና የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። መጻሕፍቱ ጠረጴዛችሁ ላይ ስላሉ አንቀጽ መገልበጥ ነጥብ አያስገኝም። ነጥብ የሚሰጠው አንቀጹን ከፍሬ ነገሩ ጋር ለሚያገናኝና የተቃራኒ ወገንን ጠንካራ ክርክር አንስቶ ለሚመልስ ነው። ታሪኩም ሰዎቹም ለፈተናው የተፈጠሩ ናቸው። መልስ ከመጀመራችሁ በፊት ቀንና ሰዓቶቹን በረቂቅ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ የጉዳዩ ግማሽ ያለው እዚያ ነው።

ፍሬ ነገር

ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2012 ዓ.ም. እህል ነጋዴው ጌትነት በሉማሜ ከተማ 12 ኩንታል ጤፍ በ40,800 ብር ሸጦ በበቅሎ ወደ ቀበሌው ይመለስ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ15 ገደማ ወንዝ መሻገሪያው ላይ ሦስት ሰዎች አስቆሙት። አንደኛው ሽጉጥ ደገነ፣ ሁለተኛው በዱላ ትከሻውን መታው፣ ሦስተኛው ገንዘቡንና የእጅ ስልኩን ወሰደ። ጨረቃ አልነበረችም። ሦስቱም ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነዋል።

ጌትነት በዚያው ሌሊት ለፖሊስ በሰጠው ቃል «ማንነታቸውን አልለየሁም» ብሏል። ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ሲመጣ ግን በዱላ የመታው በላይ መሆኑን «በድምፁና በቁመቱ» እንዳወቀ ተናገረ። በላይ በሉማሜ ጫኝና አውራጅ ነው፤ የዚያን ቀን ጤፉን ያወረደው እሱ ነበር። በጫኝ ሒሳብ 700 ብር አልተከፈለኝም ብሎ ከጌትነት ጋር ሰው እየሰማ ተጨቃጭቋል።

በላይ ሰኞ ጥር 18 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተያዘ። ፍርድ ቤት የቀረበው ዓርብ ጥር 22 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ከፖሊስ ጣቢያው እስከ ወረዳ ፍርድ ቤቱ በእግር 10 ደቂቃ ነው። መርማሪው የመዘግየቱን ምክንያት ሲጠየቅ «ሐሙስ አስተርእዮ ማርያም ስለነበረች ነው» አለ።

ረቡዕ ማታ በላይ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 27 መሠረት ቃሉን ሰጠ ተብሎ በጣት አሻራው ተፈርሟል። በቅጹ ራስጌ ላይ «ቃል ያለመስጠት መብቱ ተነግሮታል» የሚል የታተመ ዓረፍተ ነገር አለ። በላይ የተማረው እስከ 4ኛ ክፍል ነው። እሱ እንደሚለው ሁለት ሌሊት ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ ተገርፏል፤ ያለ ክስ የታሰረው ታናሽ ወንድሙም «አንተ ካመንክ ነገ ይፈታል» ተብሏል። ወንድሙ ሐሙስ ጠዋት ተፈቷል።

በዚያው ሐሙስ ፖሊስ «በላይ መርቶ አሳየን» ባለው መሠረት ከአጎቱ ቤት ጓሮ፣ ከጭድ ክምር ውስጥ የጌትነት ስልክ ተገኘ። ሁለት እማኞች ፈርመዋል። አንዱ በችሎት «ስንደርስ ስልኩ በፖሊሱ እጅ ነበር፤ ሲወጣ አላየሁም» ብሏል።

ዓርብ ዳኛው በቁጥር 35 መሠረት ቃሉን መዘገቡ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው አንድ ጥያቄ «ወደህ ነው?» የሚል፣ መልሱም «አዎ» የሚል ነው። በላይ ገረፈኝ የሚለው መርማሪ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ በላይም ከችሎት የተመለሰው ወደዚያው ጣቢያ ነው። ቅዳሜ ጥር 23 የተጻፈ የጤና ጣቢያ ካርድ «በሁለቱም ውስጥ እግር ላይ ከ3 እስከ 5 ቀን የቆየ እብጠትና መበለዝ» ይላል። መርማሪው «ሲያዝ ሊያመልጥ ዘሎ ነው» ሲል መስክሯል።

ዐቃቤ ሕግ በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 671 መሠረት በከባድ ውንብድና ከሰሰው። ከክሱ ጋር በላይ በ2009 ዓ.ም. አንድ ጆንያ ስንዴ ከመኪና ላይ ሰርቆ 6 ወር እንደተቀጣ የሚያሳይ የፍርድ ግልባጭ አያይዟል። ተከሳሹ በችሎት ክሱን ክዷል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ለዐቃቤ ሕግ ሲመሰክር «ሌባ መሆኑን አገር ያውቃል» አለ። በመከላከያ በኩል አንድ ቄስ «ጨዋ ልጅ ነው፤ እጁ ከሰው ገንዘብ የራቀ ነው» ብለው መሰከሩ። ዐቃቤ ሕግም በመስቀለኛ ጥያቄ «በ2009 በስርቆት መቀጣቱን ያውቃሉ?» ሲል ጠየቃቸው።

ሁለት ተጨማሪ የመከላከያ ምስክሮች የዚያን ምሽት በላይ ከእነሱ ጋር በኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበር ላይ እንደነበረ ተናገሩ። አንዱ «ጀምበር ስትጠልቅ ሄደ» ሲል ሌላዋ «መብራት ከበራ በኋላም ነበር» ብላለች። ከማኅበሩ ቤት እስከ መሻገሪያው የ40 ደቂቃ መንገድ ነው።

ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ሲል የሰጠው ምክንያት እንዲህ ይነበባል፦

«ተከሳሹ በሌላ ቦታ እንደነበር በአጥጋቢ ሁኔታ አላስረዳም። ተገርፌአለሁ ቢልም የገረፈውን ሰው በምስክር አላረጋገጠም፤ ንጹሕ ሰውም ያላደረገውን አደረግሁ አይልም። ከዚህ ቀደም በስርቆት የተቀጣ መሆኑ የግል ተበዳዩን ቃል ያጠናክራል።»

ጥያቄዎች

1. (12 ነጥብ) የ2009ኙ ፍርድ፣ የሊቀ መንበሩ ምስክርነትና ለቄሱ የቀረበው መስቀለኛ ጥያቄ እያንዳንዳቸው ተቀባይነት አላቸው? የሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 137 እና 138 ተጠቀሙ። ሦስቱን በአንድ ላይ «የጠባይ ማስረጃ ነው» ብሎ መጣል አይበቃም። ቁጥር 138 በግልጽ የሚናገረው ስለ ቀድሞ ቅጣት ነው፤ ስለ ዝና የሚናገረውን ከየት ታመጣላችሁ? ተከላካዩ ራሱ መልካም ጠባይን ካነሳ በኋላ ዐቃቤ ሕግ መልስ ሊሰጥ ይገባል የሚለውን ክርክር ከቁጥሩ ቃላት ጋር አጋጩት። የጆንያው ስርቆትና በሽጉጥ የተፈጸመው ውንብድና የአፈጻጸም ተመሳሳይነት አላቸው ወይ የሚለውንም ሳትነኩ አትለፉ። ግልባጩ በሕጋዊ መንገድ ለፍርድ ቤቱ ሊቀርብ የሚችለው በየትኛው የክርክር ደረጃ እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።

2. (22 ነጥብ) ይህ የፈተናው ልብ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አውሉት።

ሀ) የረቡዕ ማታው ቃል ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 እና ከሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 27 እና 31 አንጻር። ግርፋቱን ለጊዜው ተዉትና የወንድሙ መፈታት ብቻውን ምን እንደሚያስከትል አሳዩ። 48 ሰዓቱ ያለቀው መቼ ነው? የመርማሪው የበዓል ምክንያትስ ከዚያ ሰዓት ጋር ይገጥማል? መዘግየቱ ራሱን የቻለ ጥሰት ነው ወይስ የመገደድ ማስረጃ? ሁለቱ የተለያየ ውጤት አላቸው።

ለ) የዓርቡ ቃል በዳኛ ፊት መሰጠቱ የረቡዑን ጉድለት ያጥባል? ቁጥር 35 ዳኛው ቃሉ በፈቃድ የተሰጠ መሆኑን ጠይቆ እንዲያረጋግጥ ያዛል። በአንድ ጥያቄና በአንድ ቃል መልስ ማረጋገጥ ተፈጽሟል ትላላችሁ? ዳኛው መጠየቅ የነበረባቸውን ቢያንስ አራት ጥያቄ ጻፉ፤ ማን በችሎቱ መኖር እንዳልነበረበትም ጨምሩ።

ሐ) ስልኩ። አንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ሲደነግግ በቃል ብቻ አይወሰንም የሚለውን ክርክር ከነተቃራኒው አቅርቡ። ቢገባስ፣ የእማኙ ቃል ክብደቱን ምን ያደርገዋል? ስልኩ የተገኘበት ጓሮ የአጎቱ መሆኑን አትርሱ።

3. (16 ነጥብ) የይግባኝ ዳኛ ሆናችሁ የፍርዱን ምክንያት ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር መርምሩ። በእያንዳንዱ ውስጥ የማስረዳት ሸክም ከማን ወደ ማን እንደተሻገረ፣ ከአንቀጽ 20(3) እና ከቁጥር 141 እና 142 ጋር እያያዛችሁ አሳዩ። በሌላ ቦታ ነበርኩ የሚል ተከሳሽ ማስረጃ ያቀርባል፤ ነገር ግን ጥርጣሬ መፍጠር ይበቃዋል ወይስ ማሳመን አለበት? ሁለቱ ምስክሮች በሰዓት መለያየታቸውን ከ40 ደቂቃው መንገድ ጋር አስሉ። መገደዱን ያነሳ ተከሳሽስ የገራፊውን ማንነት በምስክር የማረጋገጥ ግዴታ አለበት፣ ወይስ የጤና ጣቢያው ካርድ ሸክሙን ወደ ዐቃቤ ሕግ ያዞራል?

በመጨረሻም ሁለቱን የእምነት ቃሎች፣ ስልኩንና የ2009ኙን ፍርድ ከመዝገቡ አውጡ። የሚቀረው የጌትነት ቃል ነው። የቅዳሜ ሌሊት ቃሉን በቁጥር 145 መሠረት፣ የ700 ብሩን ጭቅጭቅ፣ ጨለማውንና ነጠላውን ከግምት አስገብታችሁ «በድምፁና በቁመቱ» የሚለው መለያ በላይን ይከላከል ለማሰኘት ይበቃ እንደነበር፣ ከበቃም ከጥርጣሬ በላይ ለመቅጣት ይበቃ እንደሆነ ወስኑ። ሁለቱ መመዘኛዎች የተለያዩ ናቸው። ውሳኔያችሁን ማጽናት፣ መሻር ወይም ማሻሻል ብላችሁ በግልጽ አስፍሩ።