የጥንቸሏ ድምፅ

ተረት ተረት! (የላም በረት በሉ እንጂ፣ ገና ሳትተኙ!)

አንዲት ዓይናፋር ጥንቸል ነበረች። ክፍል ውስጥ ጥግ ላይ ትቀመጥና መምህርት ኤሊ ጥያቄ ሲጠይቁ፣ መልሱን እያወቀችው፣ ረጃጅም ጆሮዎቿን ዓይኗ ላይ ጣል አድርጋ ትደበቃለች። ጦጣ ግን ባያውቅም እጁን ያወጣል። ጦጣ ነዋ!

አንድ ማታ «እማዬ፣ ልናገር ስል ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ይተኛብኛል» አለች።

እናቷ ሳቅ አለች። «እንግዲያው ቀስ ብለሽ ቀስቅሺዋ። መጀመሪያ ለትራስሽ ንገሪው።»

ጥንቸሏም ለትራሷ «እኔ አውቃለሁ» አለችው። ትራሱ አልሳቀባትም።

በማግስቱ መምህርት ኤሊ «ልጆች፣ ውጭ እንጫወት ወይስ ዝናብ ይመጣል?» አሉ።

«ፀሐይ ነው! እንውጣ!» አለ ጦጣ።

ጥንቸሏ ግን በእነዚያ ትልልቅ ጆሮዎቿ ከሩቅ፣ ከተራራው ጀርባ፣ ጉርርር የሚል ድምፅ ሰማች። ልቧ ድው ድው አለ። ጆሮዎቿን ከዓይኗ ላይ አነሳች።

«እ... እኔ አውቃለሁ።» ማንም አልሰማትም።

ትንፋሿን ሳብ አደረገች። «እኔ አውቃለሁ! ነጎድጓድ ሰምቻለሁ!»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጉርርር! አሁን ሁሉም ሰሙ። ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ዶፍ!

ጦጣ አጠገቧ መጥቶ «እንዴት ሰማሽ?» አላት፤ እሷም ስትነግረው፣ ስትነግረው፣ ደወሉ ተደወለ።

ማታ ጋደም ብላ «ትራስዬ፣ ዛሬ እኮ...» ከማለቷ እንቅልፍ ወሰዳት። እሽሽሽ...