«ልቀቂ» ስለተባለ ብቻ ቤት አይለቀቅም

እንደምን አደራችሁ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይሰማል? ጥሩ። ዛሬ የምናወራው ስለ ቤት ኪራይ ነው። ጠዋት እዚህ በር ላይ የሰማሁት ነገር አንድ ዓይነት ነው፦ «ጨምሪ አለዚያ ልቀቂ አለኝ።»

እንግዲህ ስሙኝ። በ2016 ዓ.ም. አንድ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥሩ 1320። የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከት ነው። አዲስ አበባም እየተሠራበት ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም። አከራዩ በሦስተኛው ወር መጥቶ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» ስላለ ብቻ ዕቃችሁን አትሸክሙም። ከዚያ በፊት ውል የሚቋረጠው ሕጉ በዘረዘረው ምክንያት ነው። ኪራይ አለመክፈል አንዱ ነው። ስለዚህ ተጣልታችሁም ቢሆን ኪራዩን በቀኑ ክፈሉ። «እሱ ካስቸገረኝ እኔም አልከፍልም» ማለት መብታችሁን በገዛ እጃችሁ መስጠት ነው።

ጭማሪም እንደፈለጉ አይደለም። በዓመት አንዴ ብቻ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል ይፋ ካደረገው ሳይበልጥ ነው።

ቅድሚያ ክፍያስ? ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ወሩ 6,000 ብር ከሆነ ከ12,000 ብር በላይ አይጠየቅም። ደላላው «የስድስት ወር ካልሰጠሽ ቤቱ ያመልጥሻል» ቢልሽ፣ እህቴ፣ ሕጉ እንደማይፈቅድ ንገሪው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡት። ክፍያው ደግሞ በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን እንጂ በእጅ አትስጡ። በቃል ተስማምቶ በእጅ የሚከፍል ሰው ክርክር ሲነሳ የሚያሳየው ነገር የለውም። እውነቱ የእሱ ሆኖ እንኳ ማስረዳት ሲያቅተው ማየት ያማል።

አዎ እማማ፣ ይጠይቁ። ... «አከራዬ አላስመዘግብም ካለኝስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ማስመዝገብ የሁለታችሁም ግዴታ ነው፣ የእሱ ችሮታ አይደለም። እምቢ ካለ ወረዳ ሄደው ያመልክቱ። ማመልከቻውን እኛ እንጽፍልዎታለን፣ ገንዘብ አንቀበልም። አንድ ቅጂ ደግሞ አስፈርመው እርስዎ ጋ ያስቀሩ።

በር ቢቆለፍባችሁ ወይም ዕቃችሁ ቢወጣ አትደባደቡ። ፎቶ አንሡ፣ ያየ ጎረቤት ያዙ፣ በዚያው ቀን ኑ።

ውል የያዛችሁ በዚህ በቀኝ በኩል ተሰለፉ። ውል የሌላችሁ ደግሞ ከፈላችሁበት ደረሰኝ ወይም የስልክ መልእክት ካለ አውጡት፣ አንድ በአንድ እናየዋለን።