የነርቭና የጡንቻ ፊዚዮሎጂ፦ 9 የምርጫ ጥያቄዎች ከነማብራሪያቸው

ለሐሙሱ ፈተና የሚሆኑ መለማመጃዎች ናቸው። መልሱ ከየጥያቄው ሥር ስላለ በወረቀት ሸፍናችሁ ሥሩ። ባለፈው ሳምንት አብረን ስናጠና ያስተዋልኩት አንድ ነገር አለ፤ የምትሳሳቱት ሳታውቁ ቀርታችሁ ሳይሆን ቸኩላችሁ ነው። ምርጫዎቹን ከማንበባችሁ በፊት "የትኛው ቻናል ተከፈተ? ምን ገባ? ምን ወጣ?" በሉ። ግማሹ ጥያቄ እዚያው ያልቃል።

1. የነርቭ ሕዋስ በእረፍት ላይ ሳለ ውስጡ −70 ሚሊቮልት ገደማ የሚሆነው በዋናነት ለምንድን ነው?

ሀ) ፓምፑ 3 ሶዲየም አውጥቶ 2 ፖታሲየም ስለሚያስገባ
ለ) የሕዋሱ ሽፋን ከሶዲየም ይልቅ ፖታሲየምን በብዛት ስለሚያሳልፍ
ሐ) ካልሲየም ያለማቋረጥ ስለሚገባ
መ) የሶዲየም ቻናሎች ክፍት ስለሆኑ

መልስ፦ ለ

"ሀ" ላይ የወደቃችሁ ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ። የተጻፈው ስህተት የለውም፤ ግን ዋናው ምክንያት አይደለም። ፓምፑ በቀጥታ የሚጨምረው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ትልቁ ሥራው የክምችት ልዩነቱን ጠብቆ ማቆየት ነው። ፖታሲየም ውስጥ 140፣ ውጭ 4 ሚሊሞል በሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሁሌም ክፍት በሆኑት ቻናሎች ሾልኮ ይወጣል፤ ሲወጣም ውስጡን ኔጌቲቭ አድርጎት ይሄዳል። ፖታሲየም ብቻ ቢያልፍ ኖሮ ቮልቴጁ −90 አካባቢ ይደርስ ነበር። −70 ላይ የሚቆመው ትንሽ ሶዲየም ስለሚገባ ነው።

2. የአንድ የኩላሊት ታማሚ የደም ፖታሲየም 7.5 ሚሊሞል በሊትር ሆኗል። እግሮቹ ዝለዋል። የድካሙ ምክንያት የትኛው ነው?

ሀ) የጡንቻው ሽፋን ይበልጥ ኔጌቲቭ ሆኗል
ለ) አሴቲልኮሊን አልቋል
ሐ) የሶዲየም ቻናሎች ኢንአክቲቬት ሆነው ቀርተዋል
መ) ትሮፖኒን ካልሲየም መያዝ አቅቶታል

መልስ፦ ሐ

ይቺ ጥያቄ ጎበዞቹንም ትጥላለች። ውጭ ያለው ፖታሲየም ሲበዛ የመውጣት ግፊቱ ይቀንሳል፤ ሽፋኑም ወደ ዜሮ ይጠጋል። "ታዲያ ወደ ትሬሾልዱ ከተጠጋ ጡንቻው ይበልጥ መነቃቃት አልነበረበትም?" ትሉ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ልክ ናችሁ። ችግሩ የሶዲየም ቻናል ሁለት በር ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ሽፋኑ ዲፖላራይዝ ሲሆን ቶሎ ይከፈታል። ሌላው በዚያው ምክንያት ትንሽ ቆይቶ ይዘጋል፤ እንደገና የሚከፈተውም ሽፋኑ ወደ እረፍቱ ሲመለስ ነው። ሽፋኑ ዲፖላራይዝ እንደሆነ ከቆየ ሁለተኛው በር ተዘግቶ ይቀራል። ትሬሾልዱ ቅርብ ቢሆንም የሚከፈት ቻናል የለም። የዚህ ሰው ልብ ከእግሩ ይበልጥ እንደሚያሰጋ አትርሱ።

3. በአብሶሉት ሪፍራክተሪ ጊዜ ምንም ያህል ጠንካራ ማነቃቂያ ቢሰጥ ሁለተኛ አክሽን ፖቴንሻል የማይነሳው ለምንድን ነው?

ሀ) ፓምፑ ስለደከመ
ለ) የሶዲየም ቻናሎች ኢንአክቲቬት ስለሆኑ
ሐ) ሶዲየም ከውጭ ስላለቀ
መ) ማይሊን ስለሚከላከል

መልስ፦ ለ

ጥያቄ 2ን ከተረዳችሁት ይቺ ነፃ ነጥብ ናት። ሶዲየም ግን "አያልቅም"። በአንድ አክሽን ፖቴንሻል የሚገባው ከጠቅላላው እጅግ ጥቂት ነው።

4. ከእነዚህ ውስጥ መልእክት በጣም ቀስ ብሎ የሚሄድበት የትኛው ነው?

ሀ) ለአጥንት ጡንቻ ትእዛዝ የሚወስደው ኤ አልፋ
ለ) የመነካት ስሜት የሚያመጣው ኤ ቤታ
ሐ) ስል ሕመም የሚያመጣው ኤ ዴልታ
መ) የሚያቃጥል ሕመም የሚያመጣው ሲ

መልስ፦ መ

ሲ ነርቮች ቀጭን ናቸው፤ ማይሊንም የላቸውም። ፍጥነታቸው በሴኮንድ ከ0.5 እስከ 2 ሜትር ነው። ኤ አልፋ እስከ 120 ሜትር ይደርሳል። የእግር ጣታችሁን ጠረጴዛ ሲመታችሁ መጀመሪያ ስሉ ሕመም ይመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ያ የሚያንገበግበው ይከተላል። ሁለተኛው ሲ ነው።

5. የ58 ዓመት ሰው ከወንበር ሲነሳ ጭኑ ይዝልበታል። ጡንቻውን ለጥቂት ሴኮንድ አጥብቆ ሲያሠራው ግን ጉልበቱ ለጊዜው ይሻሻላል። አንቲቦዲው ያጠቃው ምንን ነው?

ሀ) የጡንቻውን የአሴቲልኮሊን ሪሴፕተር
ለ) አሴቲልኮሊንኤስትሬዝን
ሐ) የነርቩን ጫፍ የካልሲየም ቻናል
መ) ማይሊንን

መልስ፦ ሐ

ቁልፉ "ሲያሠራው ይሻሻላል" የሚለው ነው። አሴቲልኮሊን ከነርቩ ጫፍ እንዲለቀቅ ካልሲየም መግባት አለበት። ቻናሎቹ ሲጎዱ የሚገባው ያንሳል፤ የሚለቀቀውም እንዲሁ። ነርቩ በተከታታይ ሲተኩስ ግን ካልሲየሙ ሳይጠረግ ሌላ ይደረብበታል፤ አሴቲልኮሊኑም ይበዛል። ይህ የላምበርት ኢተን ሲንድሮም ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ የሳንባ ካንሰር ዓይነት ጋር ስለሚመጣ ሐኪሙ የደረት ምርመራ ያዛል።

ሚያስቴኒያ ግራቪስ ግልባጩ ነው። እዚያ የተመታው ሪሴፕተሩ ነው። ነርቭ ደጋግሞ ሲተኩስ የሚለቀው መጠን በጤነኛ ሰውም ይቀንሳል፤ ግን ትርፍ ስላለን አይታወቀንም። ሪሴፕተሩ ባነሰበት ሰው ላይ ያ ትርፍ የለም። ስለዚህ ባሠሩት ቁጥር ይደክማል፤ ወደ ማታ የዓይን ቆብ ይወርዳል።

6. ከእንቁራሪት የተወሰደ የእግር ጡንቻ ካልሲየም በሌለው ፈሳሽ ውስጥ ተነከረ። ጡንቻው ራሱ ለአጭር ጊዜ በኤሌክትሪክ ሲነካ ምን ይሆናል?

ሀ) ይኮማተራል
ለ) አይኮማተርም
ሐ) ተኮማትሮ ይደርቃል
መ) አክሽን ፖቴንሻል አይነሳም

መልስ፦ ሀ

የአጥንት ጡንቻ የሚጠቀመው በራሱ ጓዳ፣ ማለትም በሳርኮፕላዝሚክ ሬቲኩለም ያከማቸውን ካልሲየም ነው። በቲ ቱቡል ላይ ያለው የቮልቴጅ ዳሳሽ የሬቲኩለሙን ቻናል በቀጥታ ጎትቶ ይከፍተዋል። ከውጭ የሚገባ ካልሲየም አያስፈልገውም። የልብ ጡንቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ "ለ" ነበር፤ ልብ ከውጭ የገባው ካልሲየም የውስጡን እንዲያስለቅቅላት ትፈልጋለች።

አሁን ጥያቄውን ትንሽ ላጣምመው። ጡንቻውን ትተን ነርቩን ብንነካስ? ያኔ አይኮማተርም። ለምን እንደሆነ ጥያቄ 5 ላይ ተመለሱ።

7. ሳርኮመር ሲያጥር ርዝመቱ የማይለወጠው የትኛው ነው?

ሀ) አይ ባንድ
ለ) ኤች ዞን
ሐ) ኤ ባንድ
መ) በሁለት ዜድ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት

መልስ፦ ሐ

ኤ ባንድ የማዮሲን ክር ርዝመት ነው። ክሮቹ ይንሸራተታሉ እንጂ አያጥሩም።

8. ሰው ከሞተ ከሰዓታት በኋላ ጡንቻው የሚገትረው ለምንድን ነው?

ሀ) ኤቲፒ አልቆ ማዮሲን ከአክቲን መላቀቅ ስለማይችል
ለ) ነርቮቹ መተኮስ ስለሚቀጥሉ
ሐ) ካልሲየም ስለሚያልቅ
መ) አክቲን ስለሚሟሟ

መልስ፦ ሀ

ኤቲፒ ለመጎተት ብቻ ያስፈልጋል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስህተት ነው። ማዮሲን አክቲንን የሚለቀው አዲስ ኤቲፒ ሲይዝ ነው። ካልሲየም ደግሞ በተቃራኒው ይበዛል፤ ወደ ሬቲኩለም የሚመልሰው ፓምፕም ያለ ኤቲፒ አይሠራም።

9. የአጥንት ጡንቻ ወደ ቴታነስ ሲገባ ልብ የማትገባው ለምንድን ነው?

ሀ) ልብ ትሮፖኒን ስለሌላት
ለ) የልብ ሪፍራክተሪ ጊዜ ረጅም ስለሆነ
ሐ) ልብ በነርቭ ስለማትታዘዝ
መ) የልብ ሕዋሳት ስለማይገናኙ

መልስ፦ ለ

እዚህ ቴታነስ ያልነው በሽታውን አይደለም፤ ተደራርቦ የተያያዘ መኮማተርን ነው። የአጥንት ጡንቻ አክሽን ፖቴንሻል በጥቂት ሚሊሴኮንድ ያልቃል፤ መኮማተሩ ግን ገና አላበቃም። ስለዚህ ሌላ ትእዛዝ ይደረብበታል። የልብ አክሽን ፖቴንሻል ከ200 እስከ 300 ሚሊሴኮንድ ይቆያል፤ በካልሲየም መግባት ምክንያት። ሌላ ትእዛዝ መቀበል ስትችል መኮማተሩ ሊያበቃ ተቃርቧል። ቢደራረብባት ኖሮ ደም የምትሞላበት ፋታ አታገኝም ነበር።