የወይዘሮ አልማዝ ሁለት ባሎች

ገና ካለፈ ወዲያ የደሴ ማተሚያ ቤቶች ፋታ የላቸውም። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ በሠርግ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ስለሚገባ ሁሉም ሰው ካርዱን ለትናንት ይፈልገዋል።

ቅዳሜ ጥር 2 አመሻሽ ላይ ሰናይት ከኮምፒውተሩ ጋር ተፋጥጣለች። ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ማተሚያ ቤት ውስጥ ትዕዛዝ ትቀበላለች፣ ትጽፋለች፣ ገንዘብም ትይዛለች። ባለቤቱ ለቅሶ ሄዷል። ማሽኑ ላይ ያሉት ጋሽ ሙሉ ናቸው፤ ኮታቸውን ደርበው የመጨረሻዋን ሥራ እየጠበቁ ነው። ሦስት መቶ የሠርግ ጥሪ ካርድ። ካርዱ ጠርዙ ወርቅማ፣ ከአዲስ አበባ የተገዛ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያመጡት ነው። ለመጠባበቂያ የቀረበው ሃያ ብቻ።

«ልጅቷ፣ ላኪዋ እንጂ» አሉ ጋሽ ሙሉ።

«አንዴ ላንብበው።»

«የሙሽራው ወንድም አይቶ ፈርሟል እኮ።»

ፈርሟል፤ እውነት ነው። ግን የፈረመው ስልኩን እያየ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ዘመዳቸው የሠራውን ካርድ በቴሌግራም በፎቶ ልኮለት፣ እሱን አሳይቷት «ይኸው ነው፣ ምንም አይነካ» ብሎ ሄደ። ለማተም የመጣው ግን በፍላሽ ያለው የዎርድ ፋይል ነው። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ማንም አላየም።

ሰናይት ካርድ የምታነበው እንደ ጸሐፊ ሳይሆን እንደ ተጠሪ ነው። ማን ነው የሚድረው? ማንን? የት? ስንት ሰዓት? ተጠሪ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል። ከላይ ጀመረች።

አቶ ወልደትንሣኤ ገብረመድኅን
አቶ ይማም አበበ
ወ/ሮ አልማዝ ከበደ

እነዚህ ሦስቱ በግራ በኩል ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል ወይዘሮ ብርቱካን ሲሳይ ብቻቸውን ቆመዋል። ከሥር «ልጃችንን ዳዊትን» በግራ፣ «ልጃችንን ሰላማዊትን» በቀኝ።

እንደ ካርዱ ከሆነ የሙሽራው እናት ሁለት ባል አላቸው። የሙሽሪት እናት ደግሞ ልጃቸውን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት።

ሰናይት ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ ደነገጠች። ይሄ ካርድ የወጣ ዕለት የሙሽሪት አባት ሠርጉ ላይ ይገኙ ይሆን? ወሎ ላይ ሰው ገር ነው ይባላል፤ ስሙን ከሌላ ሰው ሚስት አጠገብ ላገኘ አባት ግን ገርነቱም ልክ አለው።

ወደ ታች ወረደች። የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት። የምሳ ግብዣው ከቀኑ 6፡30። ከዚያ በኋላ ባዶ። ምሳው የት ነው? ወንድምየው ለትዕዛዙ ብሎ ፎቶውን ልኮላት ስለነበር ቴሌግራሟን ከፍታ አስተያየችው። ፎቶው ላይ ሁሉም ልክ ነው። አባትና እናት በየወገናቸው፣ ከታች ደግሞ «በሙሽራው ወላጆች መኖሪያ ቤት፣ መናፈሻ» የሚል መስመር አለ። ፋይሉ ላይ ያ መስመር የለም።

«ፎቶውን አትሚው በቃ» አሉ ጋሽ ሙሉ ከኋላዋ ሆነው።

«ቴሌግራም ጨፍልቆታል ጋሽ ሙሉ። ፊደሉ ይፈዛል።»

የተደበቁትን ምልክቶች የሚያሳየውን ¶ ተጫነች። በአቶ ወልደትንሣኤና በአቶ ይማም መካከል ነጠብጣቡ እንደ ጤፍ ተዘርቷል። ሠሪው ሁለቱን ወገን የለያቸው በክፍት ቦታ ነው፤ ያቺን ረጅሟን ቁልፍ እየደጋገመ በመምታት። እሱ ኮምፒውተር ላይ ይሄ ያምራል። የተጻፈበት ፊደል ግን Power Geez Unicode1 ነው፤ እዚህ ኮምፒውተር ላይ አልተጫነም። ዎርድ ዝም ብሎ በሌላ ፊደል ተክቶታል። የተተካው ፊደል ትንሽ ሰፋ ይላል። የሙሽራው አባት ስም ደግሞ ረጅም ነው። መስመሩ ሲሞላ አቶ ይማም ተገፍተው ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወደቁ። ጽሑፉ በአንድ መስመር ረዘመ። ያለበት ሳጥን ቁመቱ የተወሰነ ስለሆነ የመጨረሻው መስመር ከሳጥኑ አልፎ ተሰወረ። የምሳው ቦታ አልጠፋም፤ አለ፣ ግን አይታይም።

ለሠሪው ደወለች፤ አያነሳም። እሱም ሠርግ ላይ ይሆናል።

ክፍት ቦታውን ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ ማስተካከል ይቻል ነበር። ብዙ ጸሐፊ የሚያደርገው እሱን ነው፤ ቸኩሎ። ሰናይት ይሄን ጥገና አትወደውም። አንዱን ስትጎትተው ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ የወላጆቹን ስም አውጥታ ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አስገባች። በግራ የሙሽራው ወገን፣ በቀኝ የሙሽሪት ወገን፤ እያንዳንዱ በየክፍሉ፣ መሀል ላይ። የሠንጠረዡን መስመር አጠፋችው። አሁን ስሙ ቢረዝምም እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይታጠፋል እንጂ ጎረቤት አይገፋም። ፊደሉን ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ኒያላ ቀየረችና በአንድ ቁጥር አሳነሰችው። ሳጥኑን ወደ ታች ለጠጠች። መናፈሻ ብቅ አለ።

ከቃላቱ አንዱንም አልነካችም። «በታላቅ ደስታ ልንድር» የሚለው ላይ አንድ ነገር ማስተካከል አምሯት ነበር፤ ተወችው። ቃሉ የቤተሰቡ ነው።

ፒዲኤፍ አድርጋ በተራ ወረቀት አንድ አወጣች። ወረቀቱን ከወርቅማው ካርድ ጋር ደርባ ወደ መብራቱ አነሳችው። የመጨረሻው መስመር ጠርዙን ሊነካ ደርሷል። ሁሉንም ትንሽ ወደ ላይ ሳብ አድርጋ እንደገና አወጣች። አሁን ልክ ሆነ።

ለወንድምየው ፎቶ አንስታ ላከችለትና ደወለች።

«ያው አይደል እንዴ?» አለ።

«እናትህ አጠገብህ አሉ? ለሳቸው አንብብላቸው። ጮክ ብለህ።»

አነበበ። ሁሉም ደህና ነው አሉ። ሰናይት የሆነውን ነገረችው፤ ፊደሉም መቀየሩን። እሱ ዝም አለ፤ ከጀርባው የሴትዮዋ ድምፅ «ምንድን ነው? ምን አለች?» ይላል። ስልኩን ተቀበሉት።

«ልጄ፣ ምን ሆነ?»

«ምንም አይደል እትዬ አልማዝ፣ አብሽሩ፣ ተስተካክሏል። ፋይሉ ተዛብቶ አቶ ይማምን እርስዎ ጋ አምጥቷቸው ነበር።»

«እኔ ጋ?»

«ከባለቤትዎ ሥር።»

ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ሳቃቸው ስልኩን አልፎ ጋሽ ሙሉ ጋ ደረሰ። «አንዱን አስተዳድሬ መች ጨረስኩና!» አሉ። «ፊደሉ እንደሆነ ከተነበበ ይበቃል፣ አትሙት።»

ጋሽ ሙሉ ኮታቸውን አወለቁ። መጀመሪያ አምስት ካርድ ብቻ አወጡ። ሰናይት አምስቱንም አየች፤ ቀለሙ አልተላቀቀም፣ ጽሑፉ አልዘመመም። ቀሪው ቀጠለ። ሁለት ካርድ ማሽኑ ውስጥ ተጨማደደ፤ ከመጠባበቂያው ተኩት።

ሠሪው የደወለው ማሽኑ ሊጨርስ ሲል ነው። ጀርባው ላይ ከበሮ ይሰማል።

«ምን ሆኖ ነው የደወላችሁት? እኔ ጋ ልክ ነው እኮ!»

«አንተ ጋ ልክ ነው። ከእንግዲህ ግን ለማተሚያ ቤት ስትልክ በፒዲኤፍ ላክ። ዎርዱን ከላክህ ደግሞ ፊደሉንም አብረህ።»

«እሺ እሺ» ብሎ ዘጋ።

ማታ ወንድምየው ካርዱን ሊወስድ መጣ። ቀሪውን ሂሳብ ከፍሎ ደረሰኙን ተቀበለና በሩ ላይ ቆመ። «እማዬ ያንን የተበላሸውን አንድ አትሚልኝ ብላለች። ለአቶ ይማም ታሳያቸዋለች።»

«በካርዱ አላትምም» አለች ሰናይት። ጋሽ ሙሉን አየች፤ ኮታቸውን መልሰው ለብሰዋል። «በተራ ወረቀት ከሆነ ግን ላውጣላቸው። ከሠርጉ በኋላ ያሳዩዋቸው በልልኝ።»