የነርሲንግ እንክብካቤ እቅድ፦ በስኳር ሕመም ሳቢያ የእግር ቁስል የደረሰባቸው ታካሚ

የታካሚ ሁኔታ

ታካሚዋ ወ/ሮ ተ. የ52 ዓመት ሴት ሲሆኑ ነዋሪነታቸው በአዲስ አበባ ዳርቻ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። መተዳደሪያቸው እንጀራ ጋግሮ መሸጥ ነው። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ካወቁ 9 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ኤንፒኤች ኢንሱሊን ደግሞ ጠዋት 20፣ ማታ 10 ዩኒት ይወስዳሉ። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. (ረቡዕ) ከሰዓት በኋላ በቀኝ እግር ቁስል ምክንያት ሆስፒታል ተኝተዋል። እቅዱ የሚሸፍነው እስከ ጥቅምት 12 ያለውን ጊዜ ነው።

1. የመረጃ አሰባሰብ

ታካሚዋ የተናገሩት፦ «ጠጠር ኮንጎ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ቀኑን ሙሉ ስጋግር አልተሰማኝም። ማታ ሳወልቀው ካልሲው ደም ሆኖ አየሁት።» ይህ ከ19 ቀን በፊት ነው። ቤት ውስጥ ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጥበው የቡና ዱቄት አድርገውበታል። ወደ ጤና ተቋም የመጡት ሽታ ሲመጣ ነው። የሕመሙን መጠን ሲጠየቁ ከ10 «ሁለት ቢሆን ነው» ብለዋል።

ወሳኝ ምልክቶች፦ ሙቀት 38.1 ዲግሪ፣ የልብ ምት 98፣ ትንፋሽ 20፣ የደም ግፊት 138/84፣ የኦክስጅን መጠን 94% (ለአካባቢው ከፍታ የሚያሳስብ አይደለም)። ክብደት 61 ኪሎ፣ ቁመት 1.58 ሜትር። የደም ስኳር ሲገቡ 342፣ በሽንት ኬቶን የለም። ነጭ የደም ሴል 13,800፣ ሄሞግሎቢን 11.8፣ ክሬአቲኒን 0.9። በራጅ የአጥንት ጉዳት አልታየም፤ በንጹሕ መመርመሪያ ሲነካም አጥንት አልተገኘም።

ቁስሉ፦ በቀኝ የውስጥ እግር ላይ፣ ከአውራ ጣት ሥር ባለው ጉብታ። ርዝመት 3፣ ስፋት 2፣ ጥልቀት 0.5 ሳ.ሜ.። ከወለሉ ግማሽ ያህሉ ቢጫ የሞተ ሥጋ ነው፤ ጠርዙ ደርቆ ጠንክሯል፤ ሽታ ያለው መግል አለ። በዙሪያው ያለው መቅላት ከጠርዙ 2.5 ሳ.ሜ. ይወጣል፤ ከ2 ሳ.ሜ. ማለፉ ብቻውን መካከለኛ ያሰኘው ነበር፤ ሙቀቱ፣ የልብ ምቱና ነጭ የደም ሴሉ ከፍ ስላሉ ግን ኢንፌክሽኑ ከባድ ተብሎ ተመድቧል። የእግር ጀርባ ምት በሁለቱም እግሮች በእጅ ይገኛል፤ ጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ ከ3 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይመለሳል። በ10 ግራም ሞኖፊላመንት ከተነኩ 10 ቦታዎች የተሰማቸው 4ቱ ብቻ ናቸው። ደም ይደርሳል ማለት ነው፤ የጠፋው ስሜቱ ነው።

ሆድ ሲዳሰስ፦ ከእምብርት በስተግራ የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ለስላሳ፣ የማያም እብጠት ተገኝቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚወጉት እዚያው ላይ ነው፤ «እዚህ ጋ አያመኝም» ይላሉ። ልጃቸው ከቤት ያመጣችው የኢንሱሊን ብልቃጥ ሲገላበጥ ወተት መስሎ መቀላቀል ሲገባው በውስጠኛው ግድግዳ ላይ እንደ አይብ ፍርፋሪ የተለጠፈ ነገር አለው። የሚቀመጠው ከምጣዱ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነበር። በተጨማሪም 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ስለሚይዝ በቀን 30 ዩኒት ለሚወስድ ሰው 33 ቀን ይሄዳል፤ ከተከፈተ 28 ቀን ሲሞላው ግን መጣል ነበረበት። ግኝቱ በዕለቱ ለተረኛ ሐኪም ተነግሯል። መጠኑን ለመጨመር ታስቦ የነበረ ቢሆንም በአዲስ ብልቃጥና በሌላ ቦታ ያው 20 እና 10 ዩኒት እንዲሞከር ታዟል።

ሌሎች የሐኪም ትእዛዞች፦ ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም በደም ሥር በየ12 ሰዓቱ፣ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በደም ሥር በየ8 ሰዓቱ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ የሞተውን ሥጋ በሐኪም ማንሳት።

2. የነርሲንግ ዲያግኖሲስ (በቅደም ተከተል)

አንደኛ፦ የሥር ሥጋ ጉዳት፣ ከስሜት መጥፋትና በአንድ ቦታ ላይ ከሚያርፍ ጫና ጋር በተያያዘ፤ ማስረጃው 3 በ2 በ0.5 ሳ.ሜ. ቁስል፣ የሞተ ሥጋና መግል።

ሁለተኛ፦ የስኳር ሕመምን በቤት የመቆጣጠር ጉድለት፣ ከኢንሱሊን አቀማመጥና አወጋግ ጋር በተያያዘ፤ ማስረጃው የደም ስኳር 342፣ የሆድ እብጠቱና የተበላሸው ብልቃጥ።

ሦስተኛ፦ የደም ስኳር ከልክ በታች የመውረድ ስጋት፣ የሚሠራ ኢንሱሊን እንደገና ከመጀመሩ ጋር በተያያዘ።

«የኢንፌክሽን ስጋት» እዚህ አልተጻፈም፤ ኢንፌክሽኑ ገብቷልና ስጋት አይባልም። ወደ ደም መሰራጨቱ ከሐኪም ጋር በጋራ የሚጠበቅ ችግር ሆኖ ተይዟል። «ሕመም»ም የተተወው በምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ቁስል ላይ ከ10 ሁለት ብቻ መሰማቱ የነርቭ ጉዳቱ ምልክት እንጂ መልካም ዜና አይደለም።

3. ግቦች

በ48 ሰዓት ውስጥ ሙቀት ከ37.5 በታች ይሆናል፤ መቅላቱ ከተሰመረበት መስመር አይወጣም። በ72 ሰዓት ውስጥ የደም ስኳር ከ140 እስከ 180 ይገባል፤ ከ70 በታች አንድም ጊዜ አይወርድም። በ7ኛው ቀን ሽታና መግል ይጠፋሉ፣ የቁስሉ የገጽ ስፋት ቢያንስ በ10% ይቀንሳል (በሳምንት ከዚህ በላይ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው፤ በ4 ሳምንት ግማሽ ከሆነ ጥሩ ነው)። ከመውጣታቸው በፊት ታካሚዋ ያለ እርዳታ ኢንሱሊን ቀድተው በትክክለኛ ቦታ ይወጋሉ።

4. ተግባራትና ምክንያታቸው

ቁስል፦ በቀን አንድ ጊዜ ይታጠባል፤ ጎዙ ቀድሞ ከራሰ ሁለት ጊዜ። በ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ጫፍ 18 ቁጥር የካኑላ ፕላስቲክ ተደርጎ በኖርማል ሳላይን ከመሃል ወደ ውጭ ይረጫል፤ ጫናው መግሉን ያጥባል፣ አዲሱን ሥጋ ግን አይጎዳም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ያልቀጠነ አዮዲን አይደረግም፤ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋም ይገድላሉ። ጎዙ በሳላይን ይነከርና እስኪያንጠባጥብ ሳይሆን እርጥብ እስኪሆን ድረስ ተጨምቆ ጉድጓዱ ውስጥ ሳይታጨቅ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እርጥቡ ጎዝ ከጠርዝ አልፎ ጤነኛ ቆዳ ላይ መተኛቱ ነው፤ ቆዳው ነጭ ሆኖ ይጨማደድና በሁለት ቀን ቁስሉ ይሰፋል። ደረቅ የተለጠፈ ጎዝ በሳላይን ሳይርስ አይላቀቅም።

የመቅላቱ ጠርዝ በእስክሪብቶ ይሰመራል፤ ቀንና ሰዓት ይጻፍበታል። ቁስሉ በወረቀት ማስመሪያ በየሦስት ቀኑ ይለካል፤ ሁልጊዜ ርዝመቱ ከተረከዝ ወደ ጣት በሚሄደው አቅጣጫ።

ጫና ማንሳት፦ ቀኝ እግር መሬት አይረግጥም። መጸዳጃ ቤቱ ከዋርዱ ውጭ ስለሆነ ክራንች ይሰጣል፤ በሌሊት አስታማሚ አብራ ትሄዳለች። በቁስሉ ዙሪያ ቀለበት የሚመስል ስፖንጅ ማድረግ የተከለከለ ነው፤ ጫናውን ወደ ጠርዙ ያዞረዋል። አንቲባዮቲክ ቢሰጥም እግሩ ከተረገጠ ቁስሉ አይድንም፤ ይህ ከመድኃኒቱ እኩል ተደርጎ ተይዟል።

ሴፍትሪያክሶን ካልሲየም ካለው ፈሳሽ (ሪንገር ላክቴት) ጋር በአንድ መስመር አይሰጥም፤ ይረጋል። ወሳኝ ምልክቶች በየ4 ሰዓቱ ይወሰዳሉ። የላይኛው የደም ግፊት ከ100 በታች፣ ትንፋሽ ከ22 በላይ ወይም ግራ መጋባት ከታየ ሐኪም ወዲያው ይጠራል።

የደም ስኳር፦ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በፊት እንዲሁም ሲተኙ ይለካል። ጣት በውሃና በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል፤ የሻይ ስኳር የነካ ጣት ቁጥሩን ያሳብጠዋል። የሚወጋው የጣት ጎን ነው።

ኢንሱሊን፦ ብልቃጡ በሁለት መዳፍ መካከል 10 ጊዜ ይንከባለላል እንጂ አይናጥም። መወጊያው የቀኝ ሆድ፣ ከእምብርት ሁለት ጣት የራቀ ነው፤ በየቀኑ አንድ ጣት ይዛወራል። የግራው እብጠት ለወራት አይነካም፤ ከዚያ የሚገባው ኢንሱሊን አንድ ቀን ይዘገያል፣ ሌላ ቀን ባንዴ ይለቀቃል።

5. ግምገማ

ጥቅምት 8 (48 ሰዓት)፦ ሙቀት 37.3፤ መቅላቱ ከመስመሩ 0.5 ሳ.ሜ. ወደ ውስጥ ገብቷል። ግቡ ተሳክቷል። የጠዋት የደም ስኳር ጥቅምት 7 ቀን 251፣ ጥቅምት 8 ቀን 168። መጠኑ ሳይጨመር መውረዱ ችግሩ ብልቃጡና መወጊያ ቦታው እንደነበር ያሳያል።

ያው ጥቅምት 8፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ10፦ ታካሚዋ ላብ አጥምቋቸው እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ተገኙ። የደም ስኳር 58። ራሳቸውን አልሳቱም፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር (15 ግራም ገደማ) በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ተሰጣቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ 84፤ ከዚያ ዳቦ በሉ። ኢንሱሊኑ የተወጋው 1 ሰዓት ላይ ነው። የቁርሱ ዳቦ በወረቀት ተጠቅልሎ ትራሳቸው ሥር ተገኘ፤ ዕለቱ አርብ ስለነበር እስከ 9 ሰዓት ሊጾሙ ነው። «ለዓመታት አርብን ጾሜ ምንም ሆኜ አላውቅም ልጄ» ብለዋል። እውነታቸውን ነው፤ የሚወጉት ኢንሱሊን ስለማይሠራ ነበር። ኤንፒኤች ደግሞ ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጋ ከ4 ሰዓት በኋላ ጀምሮ ነው፣ ልክ በዚያ ሰዓት። ከ70 በታች እንዳይወርድ የተቀመጠው ግብ አልተሳካም። ስጋቱ በዲያግኖሲስ ተጽፎ ሳለ ስለ ጾም በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ አለመጠየቁ የእቅዱ ጉድለት ነው።

የተሻሻለው እቅድ፦ ቁርሱ በእጃቸው ሳይገባ መርፌ አይሰጥም፤ የሰጠው ነርስ የመጀመሪያው ጉርሻ እስኪበላ አልጋው አጠገብ ይቆያል። በታካሚዋ ፈቃድ የንስሐ አባታቸው በልጃቸው በኩል ተጠይቀው፣ እስኪድኑ ጠዋት እንዲበሉ ፈቅደዋል። ጥቅምት 9 ጠዋት 159፣ ከዚያ በኋላ እስከ 12 ድረስ ከ134 እስከ 176፤ የወረደበት ጊዜ የለም።

ጥቅምት 12፦ ሽታና መግል የለም፤ ከወለሉ ሦስት አራተኛው ቀይ አዲስ ሥጋ ነው። መጠኑ 2.8 በ1.9 ሳ.ሜ.፤ ከ6 ወደ 5.3 ካሬ ሳ.ሜ. ማለትም 11% ቀንሷል። ግቡ ተሳክቷል። መቅላቱ ግን 0.5 ሳ.ሜ. ያህል ስለቀረ ክትትሉ ይቀጥላል።

አወጋግ፦ ታካሚዋ ራሳቸው ቀድተው ወግተው አሳይተዋል፤ የስሪንጁን ቁጥር ለማንበብ ግን ይቸገራሉ። ግቡ በከፊል ተሳክቷል። ልጃቸው 20 እና 10 ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ባደረገችበት ስሪንጅ እንዲለማመዱ ተደርጓል፤ ቀጣዩ ግምገማ ጥቅምት 14።

ለቤት የተሰጠ ትምህርት፦ ፍሪጅ ስለሌለ ብልቃጡ በፕላስቲክ ታሽጎ በትንሽ ማሰሮ ይቀመጣል፤ ማሰሮው እርጥብ አሸዋ ባለበት ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ገብቶ ከጋገሩበት ክፍል ውጭ በጥላ ይውላል፤ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። የተከፈተበት ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፋል። ኮንጎ ጫማው ይቀራል፤ የሚተካው ጫማ ከመጠለቁ በፊት ተገልብጦ ይራገፋል፣ ውስጡም በእጅ ይዳሰሳል። ልጃቸው ማታ ማታ የሁለቱንም እግር ውስጥና የጣቶቹን መሃል ታያለች። ምጣድ አጠገብ ሲቀመጡ እግር ወደ እሳት አይዘረጋም።