አባቷን ለምታስታምም ጓደኛ የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ሂሩት፣

ሐሙስ ሌሊት የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። ሐኪሞቹ ጋሼን ወደ ቤት ውሰዷቸው ካሉ ወዲህ ደብረ ብርሃን ሆነሽ ቀን ከሌት ስታስታምሚያቸው፣ የእድሩን ደብተር አውጥተሽ መዋጮው መከፈሉን ማየትሽ እንዳስደነገጠሽና «አባቴን በቁሙ ቀበርኩት» ብለሽ እንዳለቀስሽ ጽፈሻል።

ሂሩትዬ፣ ይህ ሟርት አይደለም፤ ሐዘንሽ እሳቸውን ሳይጠብቅ ስለ ጀመረ ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ልጆች አልጋው ጎን ተቀምጠው ስለ ቀብር ሲያስቡ፣ ስቃዩ እንዲያበቃ ሲመኙ፣ ወዲያውም በምኞታቸው ሲያፍሩ አያለሁ፤ ወላጁን አይወድም ብዬ የጠረጠርኩት ግን አንድም የለም።

ስለዚህ «አይዞሽ፣ ይድናሉ» አልልሽም፤ ሁለታችንም የምናውቀውን ብሸፋፍንብሽ ከማን ጋር ታወሪዋለሽ? «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የምልበትም ሰዓት አልደረሰም፤ ጋሼ ዛሬም ስምሽን ጠርተው ውኃ የሚጠይቁ አባትሽ ናቸው።

ምግብ እምቢ ማለታቸው ከአያያዝሽ ጉድለት የመጣ እንዳይመስልሽ። በሽታው እዚህ ሲደርስ ሰውነት ምግብ መፈለጉን እየተወ ይሄዳል፤ አስገድዶ ማጉረስም ትን ሊላቸው ስለሚችል፣ ጎረቤት ሁሉ «አጥሚት ስጫቸው» ቢልሽም፣ እምቢ ሲሉ ተያቸውና አፋቸውን በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ አርሺላቸው። እንቅልፍ በዝቶባቸው መልስ ቢያቆሙ እንኳ ይሰሙ ይሆናልና አነጋግሪያቸው፤ የቀብሩን ነገር ደግሞ ከክፍላቸው ውጭ ተነጋገሩ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገጠር ወርደው ገበሬዎችን ፊደል ያስቆጠሩበትን ታሪክ እየሳቁ ሲያወሩልን ትዝ ይልሻል? በርታ ያሉበት ጠዋት ከተገኘ ያንኑ ጠይቂያቸው፤ ማውራት ካቃታቸው አንቺ ተርኪላቸው። እኔም የማስታውሰውን በድምፄ ቀድቼ ነገ እልካለሁ፤ ጆሯቸው ሥር ክፈቺላቸው።

ቀንዲል ይደረግላቸው ስትዪ ወንድምሽ «ይደነግጣሉ» ብሎ መከልከሉን ሳስብ፣ ስለ ሕሙማን የሚጸለይ ጸሎት መሆኑን ነግራችሁ እሳቸውን ራሳቸውን ብትጠይቁ ይሻል ይመስለኛል። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ስለ ራሳቸው ነፍስ ለመወሰን የልጅ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። (ይህን ለእሱ አታንብቢለት፤ እኔው ደውዬ በለዘበ ቃል እነግረዋለሁ።)

ለጋሼ ዳይፐርና መድኃኒት የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ለታናሽ እህትሽ ልኬያለሁ፤ አንቺን እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው። እሑድ ማታ፣ ጠያቂው ከተበተነ በኋላ እደውላለሁ። ማልቀስም ከፈለግሽ፣ ዝም ማለትም ከፈለግሽ፣ ስለ ሌላ ነገር ማውራትም ካማረሽ አለሁ፤ ስልኩን ባታነሺው ደግሞ ተኝተሻል ብዬ ደስ ይለኛል፤ ሰኞ እሞክራለሁ።

እህትሽ፣
አልማዝ