እንኳን ደስ አለሽ፣ ትዕግስት

ውድ ትዕግስት፣

እንኳን ደስ አለሽ! ከሰኞ ጀምሮ የስፌት ክፍላችን ባልደረባ ነሽ።

ለዚህ ቦታ 14 ሰው ፈትነናል። ጥሩ የሚሰፋ አልጠፋም። አንቺን የመረጥንሽ ግን በዚያች ኮሌታ ነው። ስፌቱ በትንሹ ሸሸብሽ። ማንም ምንም አላለሽም። አንቺ ግን መፍቻውን አነሳሽ፣ ክሩን አንድ በአንድ ፈታሽ፣ እንደገና ሰፋሽው። ሰዓቱ እየሄደ እንኳ አልቸኮልሽም። እትዬ አልማዝ ጠጋ ብለው «ይቺን ልጅ እንዳትለቋት» አሉኝ። ዕድሜያቸውን በመቀስ ያሳለፉ ሴት ናቸው፤ ስለ ማንም እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እኔም በልቤ ወስኜ ነበር።

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት እንጠብቅሻለን። ከቃሊቲ የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ያዢ። የጠዋት ሰልፍ እናውቀዋለን፤ ትንሽ ብትዘገዪ እንዳትጨነቂ። መታወቂያሽን ብቻ አትርሺ።

መስኮቱ ሥር ያለችው ማሽን ያንቺ ናት። ብርሃኑ እዚያ ነው የሚያምረው። ትናንት ጠርገን ዘይት ቀብተናታል። ምሳ የምንበላው አብረን ነው፣ ከአንድ ትሪ። የመጀመሪያው ቀን ቡና ደግሞ በእትዬ አልማዝ እጅ ነው፤ ላንቺ ብለው ቆሎ እቆላለሁ ብለዋል።

እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህታችን።

ዮሴፍ
የስፌት ክፍል ኃላፊ